«አሚን» የተባለው ለምርቃቱ ነው ወይስ ለግማሽ ግማሹ?

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

በደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለ ተዳፋት ሰፈር የምኖር የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊም ነኝ። ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ሁለት ጎረቤቶቻችንን ለማስታረቅ ተቀምጠው ነበር። በበልጉ ዝናብ ከላይኛው ጎረቤት ጣሪያ የወረደው ውሃ በመካከላቸው ያለውን የድንጋይ ግንብ ከፊሉን ጥሎታል። በሁለቱም ፈቃድ ንግግሩን በስልኬ ቀዳሁት፤ ሽማግሌዎቹም «አሳጥረሽ ጽፈሽ አምጪልን» አሉኝ። አሁን ግን የታችኛዋ ጎረቤት «የግንቡን ግማሽ ሊከፍል ተስማምቷል» ትላለች፤ የላይኛው ጎረቤት «እንዲህ ያለ ቃል አልወጣኝም» ይላል። ዋናው ሽማግሌ ደግሞ «በሁሉም ተስማምተዋል ብለሽ ጻፊው፤ ያደረውን አትቀስቅሺ» ብለውኛል። ከዚህ የባሰው ሌላ ነገር አለ። ሽማግሌዎቹ እሱን ለብቻው ሲያነጋግሩት ስልኩ መቅዳቱን አላቋረጠም ነበርና፣ «እስከ ግማሹ ብከፍል አይከብደኝም፤ ለእሷ ግን ለጊዜው እንዳትነግሯት» ሲል ይሰማል። የታችኛዋ ጎረቤት የእናቴ የልብ ወዳጅ ናት፤ እኔንም እንደ ልጇ ነው የምታየኝ። ብጽፈው እሱን የከዳሁ፣ ብተወው እሷን የበደልኩ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ዋና ዋናዎቹን ቦታዎች ቃል በቃል ገልብጬ ልኬልዎታለሁ። እንዴት አድርጌ ልጻፈው?

የቅሬው ጸሐፊ፣ ከደሴ

ውድ እህቴ፣

የላክሽልኝን ቅጂ በጥሞና አነበብኩት፤ ሰው የተናገረውን ሳታሳምሪና ሳታሳጥሪ በመገልበጥሽ ነገሩን አብረን ለማየት ተችሏል። እንቅልፍ ከነሳሽ ጉዳይ ልጀምር። ለብቻው ሲያነጋግሩት የተቀዳው ቃል በማጠቃለያው ውስጥ በምንም መልክ መግባት የለበትም። እሱ ፈቃዱን የሰጠው ሁለቱም ባሉበት ለሚደረገው ንግግር እንጂ ሽማግሌዎቹ ጆሮ ላይ ለሚያስቀምጠው ነገር አልነበረም። ሽማግሌ ሰውን ለየብቻ የሚያነጋግረው፣ ያ ሰው «እስከዚህ ድረስ እችላለሁ» ብሎ አቅሙን ሲገልጽ የገለጸው ነገር ወዲያው እንደ ቃል ኪዳን እንዳይያዝበት ነው። ይህ በጽሑፍ ከወጣ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ድርድሩ የሚጀምረው ከግማሹ ይሆናል፤ እሱም ከዚያ በኋላ ለሽማግሌ የልቡን አይናገርም። ደግሞስ «አይከብደኝም» ማለት «እከፍላለሁ» ማለት ነው እንዴ?

ይህን በመተውሽ የእናትሽን ወዳጅ አትበድያትም፤ ምክንያቱም ያ ቃል ወደ እርሷ የሚደርስበት ትክክለኛ መንገድ አለው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ቃሉን በጆሯቸው ሰምተውታል። አንቺ የሚጠበቅብሽ ስልኩ ሳይቋረጥ መቅረቱን ለእነርሱ ብቻ መንገር፣ ከስንተኛው ደቂቃ እስከ ስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ማሳየት፣ እሱም እንዲያውቀው አድርገው ያንን ክፍል ቆርጠሽ እንድታጠፊ እንዲፈቅዱልሽ መጠየቅ ነው። ከዚያ በኋላ «አሁንስ ለእርሷ ብንነግራት ትፈቅዳለህ?» ብሎ እሱን መጠየቅ የእነርሱ ድርሻ ይሆናል። እስከዚያው ለእናትሽም ቢሆን ባትነግሪ እመክርሻለሁ፤ ይህ ከሁሉም የሚከብደው እንደሆነ ይገባኛል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ጥንቃቄ ልጨምር። የሰማሽውን ላለመጻፍ ስትጠነቀቂ በተቃራኒው ወድቀሽ «የላይኛው ጎረቤት የግንቡን ወጪ ለመጋራት ፈቃደኛ አልሆነም» ብለሽ እንዳትጽፊ። እንዲህ አላለም፤ አንቺም እንዳላለ ታውቂያለሽ። «ሊስማማ ይችል ይሆናል» የሚል ፍንጭም አይግባ። ሁለቱ ባሉበት የተሰማው እውነት አንድ ብቻ ነው፤ በወጪው ጉዳይ እሱ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። እንዲያው እሱን ብቻ ጻፊ።

አሁን ወደ ቅጂው እንመለስ። ከመጻፍሽ በፊት ሙሉውን አንድ ጊዜ ብዕር ሳትይዢ አዳምጪው፤ ሐሳቡ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ የሚገባሽ ያኔ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ወረቀት ለሦስት ከፍለሽ ደቂቃውን፣ ተናጋሪውንና የተናገረውን ቃል እንዳለ አስፍሪ። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ የተናገረበትና የማይሰማ ቦታ ካለ «አይሰማም» ብለሽ እለፊው እንጂ በግምት አትሙዪው። ሦስተኛው ሥራ መለየት ነው፤ ማጠቃለያው የተስማሙበት ክፍልና ገና ያልተወሰነው የሚሰፍርበት ክፍት ክፍል ይኑሩት። አንድ ነጥብ ስምምነት ነው ለማለት ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ በማን ወጪ እንደሚያደርግ መነገር አለበት፤ ከዚህ በላይ ደግሞ ሌላው ወገን በራሱ አፍ መቀበሉ መሰማት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የጎደለውን ብቻ ለይተሽ ወደ ክፍቱ ክፍል ታዛውሪያለሽ፤ ነጥቡን በሙሉ መጣል ግን አያስፈልግም።

በዚህ መንገድ ስትሄጂ አሸንዳው ቀላል ሆኖ ታገኚዋለሽ። በ41ኛው ደቂቃ እሱ «እስከ ሰኔ 12 በራሴ ገንዘብ አሸንዳውን ወደ መንገዱ አዞረዋለሁ» ይላል፤ እሷም ወዲያው «ይሁን፣ ይህ ካለቀልኝ ሌላው አያንገበግበኝም» ትላለች። የሚሠራው ሰው፣ ሥራው፣ ቀኑና ወጪው ተነግረዋል፤ ተቀባይነቱም ተሰምቷል። ይሁን እንጂ በ47ኛው ደቂቃ እሱ «መቼም ለግንቡም መላ ከተገኘለት» የምትል ሐረግ ጣል አድርጎ ሌላ ነገር ይቀጥላል፤ ማንም መልሶ አልጠየቀውም። አሸንዳውን የሚያዞረው ግንቡ ሲፈታ ብቻ ነው ማለቱ ነው ወይስ ሁለቱም ቢያልቁ ደስ እንደሚለው ሊገልጽ ፈልጎ ነው? ይህን አንቺም እኔም ልንፈርድ አንችልም። እንደ ቅድመ ሁኔታ ቆጥረሽ ብትጽፊው እሷን ትጎጃለሽ፤ እንዳልተባለ ብታልፊው እሱን። ስለዚህ አሸንዳውን በተስማሙበት ክፍል አስቀምጪ፤ «ይህ ግዴታ ከግንቡ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው ወይስ ራሱን የቻለ?» የሚለውን ደግሞ እሱ እንዲመልሰው በክፍቱ ክፍል አስፍሪ። እርቅ ፈረሰ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው እንዲህ ካለች ያልተጠየቀች ሐረግ ነው።

የግንቡ ወጪ ግን ሌላ ነው። ግንበኛው የገመተው 64,000 ብር እንደሆነ ሁለቱም አልተከራከሩበትም። እሷ «ያፈረሰው የእሱ ውሃ ነውና እሱ ይሥራው» ትላለች፤ እሱ ደግሞ «ግንቡ ከድሮም ያበጠ ነበር» ይላል። ወደ 72ኛው ደቂቃ ሲደርስ ዋናው ሽማግሌ «በቃ ግማሽ ግማሽ አድርጉትና ይለቅ» ብለው ትንፋሽ ሳይወስዱ ምርቃቱን ይጀምራሉ፤ «ከክፉ ይጠብቃችሁ፣ ጉርብትናችሁን ያጽናላችሁ» ሲሉ ቤቱ በሙሉ «አሚን!» ይላል። በወሎ ምድር ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ አሚን የማይል ማን አለ? ያ አሚን ለጉርብትናቸው የተባለ ነው፤ 32,000 ብር ለመክፈል የተሰጠ ቃል አድርገሽ ልትወስጂው አትችዪም። እሷ «ተስማምቷል» ስትል እየዋሸች አይደለም፤ የሰማችው አሚን ነውና። እሱም «አልወጣኝም» ሲል እውነቱን ነው። ልዩነታቸው ከዚህ ከአንድ ደቂቃ የመጣ መሆኑን ማሳየት ከቻልሽ፣ አንዱ ሌላውን ውሸታም ከማለት ይድናል። ከምርቃቱ በኋላ እሱ ያለው ብቸኛ ቃል «እሺ፣ እናየዋለን» ነው፤ መጠን የለው፣ ቀን የለው። ስለዚህ ግማሽ ግማሽ የሚለውን በክፍቱ ክፍል ውስጥ ከሽማግሌ የቀረበ፣ ከሁለቱም ወገን መልስ ያላገኘ ሐሳብ አድርገሽ ጻፊው።

የወሰኑ ጉዳይ ደግሞ ከፊሉ ስምምነት፣ ከፊሉ ክፍት ነው። ግንቡ በማን ይዞታ ላይ እንደቆመ አልተስማሙም፤ ግን ሁለቱም የይዞታ ካርታቸውን ይዘው ሊመጡ ተስማምተዋል። ካርታ ማምጣቱ ስምምነት ነው፣ ወሰኑ ግን ክፍት ነው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ካጣመርሻቸው ነገ «ወሰኑ በካርታው እንዲወሰን ተስማምተናል» የሚል ክርክር ይነሣል። የከተማ መሬት ወሰን ደግሞ ሽማግሌዎች በቃል አስማምተው ብቻ የሚያዛውሩት አይደለምና፣ ካርታዎቹ ካልተገጣጠሙ ነገሩ ወደ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሊሄድ እንደሚችል ከአሁኑ ቢያውቁት ይሻላል። በቅጂው ከተነሡት ከቀሩት ነጥቦች፣ ባሕር ዛፉን የላይኛው ጎረቤት ሊቆርጥ ተስማምቷል፤ ቀን ስላልተነገረ ቀኑ ብቻ ይጠየቅ። ስለ ስድቡ አውፍ ተባብለዋል፤ ይህ የተፈጸመ ነገር ስለሆነ መባባላቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሪ፤ ስድቡ ምን እንደነበር ግን በጽሑፍ እንዲቀር አታድርጊ።

ጽሑፉ ምን ሊመስል እንደሚችል ከግንቡ ላሳይሽ። በክፍቱ ክፍል እንዲህ ብለሽ ልትጽፊ ትችያለሽ፦ «የግንቡን ማሠሪያ ወጪ በተመለከተ፦ የታችኛዋ ጎረቤት ወጪውን በሙሉ የላይኛው ጎረቤት ሊሸፍን ይገባል ይላሉ። የላይኛው ጎረቤት ግንቡ አስቀድሞ የተጎዳ ነበር ይላሉ። ሽማግሌዎች ወጪው እኩል እንዲከፈል ሐሳብ አቅርበዋል፤ ሁለቱም ወገኖች በዚህ ሐሳብ ላይ መልሳቸውን አልሰጡም። ነጥቡን ለመቋጨት ግንቡን የሚያይ ሌላ ግንበኛ ያስፈልጋል። ይህ ነጥብ ሳይወሰን መቆየቱ የማንኛቸውንም አቋም መቀበል አይደለም።» ልብ በዪ፣ «አመኑ»፣ «ካዱ»፣ «እምቢ አሉ» የሚሉ ቃላት የሉበትም። የሁለቱም አቋም ተቀራራቢ ርዝመት ቢኖረው ጥሩ ነው፤ የአንዱ አምስት መስመር፣ የሌላው አንድ መስመር ሲሆን አንባቢው ጸሐፊዋ ለማን እንዳደላች ይገምታል። በተስማሙበት ክፍል ግን አቋም አያስፈልግም፤ «የላይኛው ጎረቤት እስከ ሰኔ 12 በራሳቸው ወጪ አሸንዳውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ» ብሎ ማቆም ይበቃል። ደቂቃዎቹን በራስሽ ማስታወሻ ያዢያቸው፤ ማጠቃለያው ላይ ባይጻፉ እመርጣለሁ፤ ሰውን ከወረቀቱ ይልቅ ወደ ስልኩ ይመልሱታልና።

ለዋናው ሽማግሌ የምትመልሽው ጉዳይ እንደሚያሳስብሽ አያለሁ። እሳቸው ያሉትም ከክፋት የመጣ አይደለም፤ የቆሰለ ነገር እንዳይነካካ ፈልገው ነው። ወደ እሳቸው ስትሄጂ «ተሳስተዋል» ሳይሆን ሥራውን መልሶ በእጃቸው የሚያኖር ቃል ይዘሽ ሂጂ። ለምሳሌ፦ «ጋሼ፣ ምርቃትዎን በቅጂው ሰምቻለሁ። ግማሽ ግማሽ በሚለው ላይ ግን የሁለቱን አንደበት አላገኘሁም። ተስማምተዋል ብዬ ብጽፍና አንዳቸው አልፈርምም ቢሉ የእርስዎ እርቅ ይጎዳል ብዬ ፈራሁ። እባክዎ እርስዎ አንድ ጊዜ ይጠይቁልኝ።» ያንን ደቂቃ አብረው እንዲያዳምጡት ብታደርጊም መልካም ነው። ከእናትሽ ወዳጅ ጋር ያለሽን ቅርበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋልና፣ አወዛጋቢዎቹን ቦታዎች ከቅሬው ኮሚቴ አንድ ገለልተኛ ሰው አብሮሽ ቢሰማ ምን ይመስልሻል? ጽሑፉንም አንቺንም ይጠብቃል።

ከዚያ ሁለቱን ባንድ ቀን፣ ባንድ ቤት፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት አስቀምጣችሁ ጽሑፉን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ለየቤታቸው ብትልኪው እያንዳንዱ ከዘመዱ ጋር ተመካክሮ ሌላ ድርድር ይከፍታል። ከተስማሙበት ጀምሪ፤ በየነጥቡ ቆም ብለሽ ሁለቱም በየተራ «ልክ ነው» ወይም «እንዲህ አላልኩም» ይበሉ። አንዱ ከተቃወመ ነጥቡን ወዲያው ወደ ክፍቱ ክፍል አዛውሪ እንጂ ቅጂውን ከፍተሽ አታፋጥጪው። ሰው በሕዝብ ፊት በገዛ ድምፁ ሲረታ ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ቢፈርምም አይፈጽምም። ቅጂው የጸሐፊዋን የማስታወስ ችሎታ ያግዝ፤ የሙግት መሣሪያ አይሁን።

ፊርማውንም ለሁለት ክፈዪው። በተስማሙበት ክፍል ግርጌ ሁለቱ ወገኖችና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1727 በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ይጠይቃልና፣ ከመጀመሪያው እንዲህ ማድረጉ ኋላ ከመቸገር ያድናል። በክፍቱ ክፍል ሥር የሚፈርሙት «እነዚህ ነጥቦች ገና እንዳልተወሰኑ አውቀናል» ለሚለው ብቻ ይሁን። ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ፊርማ መጨረስ፣ ያልተወሰነውን እንደተወሰነ ማስመሰል ነው። ከሁለቱ አንዳቸው ፊርማ የማይጽፉና በጣት አሻራ የሚፈርሙ ከሆነም አስቀድመሽ አስቢበት፤ በዚያው ሕግ ቁጥር 1728 መሠረት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድድም። ሦስት ቅጂ አዘጋጂ፤ አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለሽማግሌዎቹ። ፊርማው ካለቀ በኋላ የድምፅ ቅጂው ምን እንደሚሆን እዚያው ይወሰን፤ እስከ ሁለተኛው ቀጠሮ በአንቺ እጅ ይቆይ ካሉም ለማንም በቴሌግራም እንዳይተላለፍ ቃል ግቢላቸው።

አንድ ነገር ግን እስኪወሰን የማይጠብቅ አለ። የደሴ ተዳፋት በሐምሌና በነሐሴ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ፤ የተናጋ ግንብ ያንን ውሃ አይችልም። የማን ወጪ እንደሆነ ክፍት ሆኖ ሳለም፣ የተከፈተውን ቦታ በአፈር በተሞላ ጆንያ መደገፍና ውሃውን በጊዜያዊ ቦይ ማሳለፍ ይቻላል። ይህንን ለሽማግሌዎቹ እንደ ሦስተኛ ነገር አቅርቢላቸው፤ «የመጨረሻው ውሳኔ እስኪደርስ ድረስ፣ የማንንም መብት ሳይነካ» በሚል መግቢያ ለብቻው ይጻፍ። ጆንያውን ማን እንደሚያቀርብና ማን እንደሚሞላ ስም ይጠቀስበት፤ ካልተጠቀሰ ማንም አይሞላውም። እሱ ጆንያውን ቢያቀርብ ጥፋቱን እንዳመነ እንዳይቆጠርበት የሚያረጋግጥለት ያ መግቢያ ነው፤ እሷም እጇን ብታውል ሙሉ ካሣ መጠየቋን እንደተወች አይቆጠርባትም።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሳይቆረጥ ከዚያ ቤት እንዳትነሡ። ከአሸንዳው ቀን በፊት፣ ማለትም ከሰኔ 12 በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ሌላውን ግንበኛ ማን እንደሚያመጣና ካርታዎቹን ማን እንደሚቀበል ከቀኑ ጎን ጻፊ። ከዚያ ወረቀቱን ለሦስት አባዥተሽ አድርሺላቸው፤ ስለ ግማሹ ገንዘብ ከእናትሽ ወዳጅ ጥያቄ ቢመጣብሽም «በጽሑፉ ያለውን ነው የማውቀው፤ የቀረውን ሽማግሌዎቹን ጠይቂያቸው፣ እትዬ» ብለሽ መልሺላት።